የፕሮጀክታይል ወርክሺት ጥያቄ 4፦ ከጣሪያ የተወረወረው ድንጋይ ሦስት ዓይነት መልስ አመጣብን

የኮዬዋ_ልጅ · ዓርብ ከምሽቱ 1:40

ሰላም እንዴት አመሻችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ሰፈሬ ኮዬ ፈጬ። ቲቸር የፕሮጀክታይል ሞሽን ወርክሺት ሰጥቶን ሰኞ ይሰበስባል። መልስ ብቻ ጽፎ መምጣት የለም፤ ሙሉ አሠራሩ፣ በየመስመሩ ዩኒቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መልሱ ልክ መሆኑን በሌላ መንገድ የሚያሳይ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ማረጋገጫ ከሌለው ግማሽ ማርክ ነው የሚሰጠው።

ጥያቄ 4 እንዲህ ይላል፦

ከ15 m ከፍታ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ድንጋይ በ20 m/s ፍጥነት ከአግድም በላይ በ30° ተወረወረ። የአየር መቋቋም አይታሰብም፣ g = 10 m/s²። (ሀ) መሬት እስኪደርስ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? (ለ) ከሕንፃው ግርጌ ምን ያህል ርቆ ያርፋል? (ሐ) መሬት ሲመታ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ በየት አቅጣጫ?

በቡድን ስንሠራ አንዷ 2 ሰከንድ አለች። አንዱ 3.73 አለ። እኔ ኳድራቲክ ሠርቼ ካልኩሌተሩ ኤረር ይለኛል። የጻፍኩት ይሄ ነው፦

```
15 = 10t − 5t²
t² − 2t + 3 = 0
```

የማን ነው ልክ? ከሆነስ እንዴት ነው የማረጋግጠው?

ናቲ_ሰበታ · ከምሽቱ 1:58

3.73 ያለው ልጅ ልክ ነው፣ ተረጋጊ። 2 ሰከንዱ ከ T = 2u sinθ/g የመጣ ነው፤ እሱ ድንጋዩ ወጥቶ ወርዶ እንደገና የጣሪያው ትክክል እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ገና 15 ሜትር ይቀረዋል። እሱን ለብቻው ሥሪው፣ t = √(2h/g) = √3 = 1.73 s። ደምሪ፣ 3.73። ርቀቱ ደግሞ 17.32 × 3.73 = 64.6 ሜትር። ኳድራቲክ ምንም አያስፈልግም። በነገራችን ላይ 30 ዲግሪ ባይሆን ኖሮ፣ በ45 ቢወረወር ከዚህም ይርቅ ነበር።

ብሩክ_ዓለም_ገና · ከምሽቱ 2:05

ግን የድንጋዩ ማስ አልተሰጠም እኮ። ከባድ ድንጋይና ቀላል ድንጋይ እኩል አይወድቁም። ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው፣ ቲቸራችሁን ጠይቁት። ለማንኛውም እኔ 20 sin 30 ብዬ ስመታው −19.76 ነው የሚሰጠኝ፤ ጭራሽ ኔጌቲቭ።

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከምሽቱ 2:31

ብሩክ፣ ካልኩሌተርህ ራዲያን ላይ ነው። ወደ ዲግሪ መልሰውና 10 ይሰጥሃል። ቁጥሩ ራሱ ነግሮህ ነበር፤ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ሲጀምር የቁም ፍጥነቱ ኔጌቲቭ ሊሆን አይችልም። ማሱን በተመለከተ የአየር መቋቋም አይታሰብ ከተባለ ማስ ከስሌቱ ይወጣል። ክብደቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ወደ ታች የሚስበው ኃይልም ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውም እንደዚያው። ስለዚህ ጥያቄው ምንም አልጎደለውም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ ልጄ። የጻፍሽው እኩልዮሽ ከአንድ ነገር በቀር ጥሩ ነው። በግራ በኩል ያለውን 15 ተመልከቺው። ወደ ላይ ፖዘቲቭ ብለሽ ነው የጀመርሽው፣ 10t ፖዘቲቭ፣ 5t² ኔጌቲቭ አድርገሻል። መነሻሽ ጣሪያው ነው። ድንጋዩ የሚያርፈው ከጣሪያው 15 ሜትር በታች ነው። እንግዲያው የቁም መፈናቀሉ −15 m ነው እንጂ 15 m አይደለም።

ካልኩሌተሩ ኤረር ያለሽ ደግሞ ተበላሽቶ አይደለም፣ ትክክለኛ መልስ ነው የሰጠሽ። አንቺ የጠየቅሽው «ድንጋዩ ከጣሪያው 15 ሜትር በላይ የሚደርሰው መቼ ነው?» ብለሽ ነው። መቼም አይደርስም። በ10 m/s ወደ ላይ የተነሣ ነገር ከፍ የሚለው 10²/(2×10) = 5 ሜትር ብቻ ነው። ከስኩዌር ሩት ሥር ኔጌቲቭ ቁጥር ሲመጣብሽ ገጹን ከመቅደድሽ በፊት «የጠየቅኩት ቦታ ድንጋዩ ይደርሳል ወይ?» በዪ። አብዛኛውን ጊዜ የፕላስና የማይነስ ምልክቷ ተገልብጣ ታገኛታለሽ።

እንዲህ ሥሪው፦

```
v₀ₓ = 20 cos 30° = 17.32 m/s
v₀ᵧ = 20 sin 30° = 10 m/s
−15 m = (10 m/s)t − (5 m/s²)t²
t² − 2t − 3 = 0        (t በሰከንድ)
(t − 3)(t + 1) = 0
t = 3 s  ወይም  t = −1 s
```

በሦስተኛው መስመር ላይ ዩኒቶቹን እንደጻፍኩት ጻፊ። m/s በ s ሲባዛ m፣ m/s² በ s² ሲባዛ m። ሦስቱም ተርሞች ሜትር ከሆኑ እኩልዮሹ ቢያንስ ቅርጹ ልክ ነው። አንዱ ሜትር ሌላው m/s ከሆነብሽ የሆነ ቦታ t ወይም ስኩዌሩ ወድቋል ማለት ነው። ያንን ካሳየሽ በኋላ በ5 አካፍለሽ ዩኒቱን ብትተዪው ማንም አይቆጣሽም፣ ግን «t በሰከንድ» ብለሽ ጎኑ ላይ ጻፊ።

ናቲ_ሰበታ · ከምሽቱ 2:44

ቲቸር የእርስዎን አሠራር አየሁት፣ ግን የኔ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ? 2 ሰከንድ እስከ ጣሪያው ትክክል፣ ከዚያ 15 ሜትር መውደቅ። ሎጂኩ አንድ ነው። ለምን 3.73 ይሆናል?

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከምሽቱ 3:02

ጥሩ ጥያቄ ነው ናቲ። በሁለት መክፈልህ ትክክል ነው፣ እንዲያውም ከዚህ በኋላ እንደ ማረጋገጫ የምንጠቀምበት እሱኑ ነው። የሳትከው ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ያለውን ፍጥነት ነው። √(2h/g) የሚሠራው ከቆመበት ለተለቀቀ ነገር ነው። ይሄ ድንጋይ ግን ከላይ ተመልሶ በጣሪያው ትክክል ሲያልፍ ቆሞ አይጠብቅም፤ በ10 m/s ወደ ታች እየሄደ ነው። ወደ ላይ በስንት ከሄደ፣ እዚያው ከፍታ ላይ ሲመለስ በዚያው መጠን ወደ ታች ነው።

እንግዲህ ለሁለተኛው ክፍል ወደ ታች ፖዘቲቭ ብለን፦

```
15 = 10t + 5t²
t² + 2t − 3 = 0
t = 1 s
```

2 + 1 = 3 s። 1.73 የነበረው ወደ 1 ወረደ፣ ምክንያቱም ድንጋዩ እየሮጠ ነው የገባው።

አሁንም √(2h/g)ን ከወደድከው ትክክለኛ ቦታው ሌላ ነው። ከፍተኛው ነጥብ ላይ የቁም ፍጥነቱ በእርግጥ ዜሮ ነው። እዚያ ለመድረስ 10/10 = 1 s ይፈጃል። ከፍታው ከጣሪያው 5 m በላይ ነው፣ ከመሬት 20 m። ከ20 m ዜሮ ፍጥነት ይዞ ሲወርድ √(2×20/10) = 2 s። 1 + 2 = 3 s። እኔ ብሆን በወርክሺቱ ላይ ለ(ሀ) ማረጋገጫ አድርጌ የምጽፈው ይሄንን ነው። ኳድራቲክ የለበትም፣ ምልክት የሚገለበጥበት ቦታም የለውም።

የኮዬዋ_ልጅ · ከምሽቱ 3:10

ቲቸር በጣም አመሰግናለሁ። አሁን −15 የሆነበት ምክንያት ገባኝ። ግን t = −1ን ምን ላድርገው? ዝም ብዬ ልሰርዘው? ቲቸራችን «ለምን እንደጣልሽው ጻፊ» ይላል።

ሲቪል_5ኛ_ዓመት · ከምሽቱ 3:22

«ጊዜ ኔጌቲቭ አይሆንም» ብለሽ አትጻፊ፣ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጽፈው። ሰዓት መቁጠር የጀመርነው ድንጋዩ ከእጅ ሲወጣ ነው፣ ከዚያ በፊት እኩልዮሹ አይሠራም ምክንያቱም ድንጋዩ እጅ ላይ ነበር። «t ≥ 0 ላይ ብቻ ስለሚሠራ» በዪ።

ግን −1 ትርጉም አለው። ጣሪያው ላይ የወረወረ ሰው ባይኖርና ያው ድንጋይ በዚያው መንገድ ከመሬት ተነሥቶ መጥቶ ቢሆን፣ ከመሬት የሚነሣው ከ1 ሰከንድ በፊት ነበር። ያኔ የቁም ፍጥነቱ 10 + 10×1 = 20 m/s ወደ ላይ። ከመሬት በ20 m/s ወደ ላይ የተነሣ ነገር ወጥቶ ለመመለስ 2×20/10 = 4 s ይፈጅበታል። ከ −1 እስከ 3 ስንት ነው? 4። ገጠመ። በማርጂኑ ላይ ይሄን ብትጽፊ ቲቸርሽ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን፣ 10 ከሚሉት 9.8 ብትጠቀሚ ይሻላል። 10 ግምት ነው። በ9.8 ስትሠሪው t = 3.05 s፣ ርቀቱም 52.8 m ገደማ ይመጣል።

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከምሽቱ 3:30

እዚህ ላይ አልስማማም። ወርክሺቱ g = 10 m/s² ብሎ ሰጥቷል። የተሰጠውን ቁጥር ቀይራ 52.8 ብትጽፍ አራሚው የሚያየው ከመልሱ ጋር የማይገጥም ቁጥር ነው፣ ያውም ፋክተር የሚሆነው ቆንጆ ኳድራቲክ ይጠፋባታል። ደግሞ 9.8 ራሱ ለየቦታው አንድ አይደለም። አዲስ አበባ ለኢኳቶር ቅርብ ናት፣ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሁለቱም g ከ9.8 ትንሽ ዝቅ እንዲል ያደርጉታል።

ሲቪል_5ኛ_ዓመት · ከምሽቱ 3:36

ለወርክሺቱ እሺ። እኔ የምለው ስለ ልማዱ ነው። ግቢ ስትገባ 10 የሚቀበላት የለም። በዚህ አንግባባም ቲቸር 🙂

ፎርማን_ገላን · ከምሽቱ 3:51

ወንድሞች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትምህርት ቤት ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። ሳይት ላይ ነው የምሠራው፣ ጂ+4 ሕንፃ፣ ከፍታው እናንተ ከምትሉት ከ15 ሜትር ብዙም አይርቅም። ልጆቹ ከላይ የብሎኬት ቁራጭ፣ የእንጨት ፍልጥ እየወረወሩ ያስቸግሩኛል። ከሥር ገመድ አሥሬ ሰው እንዳያልፍ ላደርግ ነበር። ስለዚህ 52 ሜትር ማጠር አለብኝ ማለት ነው? ያን ያህል ቦታ የለኝም፣ መንገዱ ላይ ልወጣ ነው።

ሲቪል_5ኛ_ዓመት · ከምሽቱ 4:04

ጋሼ፣ 52ቱ 20 m/s ለሚወረውር ነው። 20 m/s በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰው እጁን ወደኋላ ወስዶ በደንብ ሲወረውር እንጂ ቁራጭ ገፋ አድርጎ ሲጥል አይደለም። የእርስዎ ልጆች በአግድም በ5 m/s ገፋ ቢያደርጉት፣ የቁም ፍጥነቱ መጀመሪያ ዜሮ ስለሆነ እዚህ ጋ የናቲ √(2h/g) ይሠራል፣ 1.73 s። 5 × 1.73 = 8.7 ሜትር ገደማ።

ግን በዚህ ቁጥር ልክ ገመድ አይሠሩ። እንጨት መሬት ላይ ነጥሮ ይሄዳል፣ ብሎኬት ይሰበርና ይረጫል፤ ስሌቱ የሚነግርዎት መጀመሪያ የሚነካበትን ብቻ ነው። ቆርቆሮ ወይም ፕላይውድ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ይዞት ይሄዳል፣ «የአየር መቋቋም አይታሰብም» የሚለው እዚያ አይሠራም። ቁራጭ የሚወርድበት ቱቦ ቢያስተክሉ ነው የሚሻለው።

ፎርማን_ገላን · ከምሽቱ 4:10

ቱቦው ከሌላ ሳይት እስኪመጣ ነው እኮ ጭንቀቴ። እስከዚያ 9 ይሁን 15 ሜትር ምኑን ልያዝ?

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከምሽቱ 4:15

ይሄንን የሳይቱ ኢንጂነር ነው መወሰን ያለበት፣ ከዚህ ሆነን ቁጥር ልንሰጥዎት አይገባም። ቱቦው እስኪመጣ ድረስ ከላይ መወርወሩን ቢያስቆሙ ግን ክርክሩ ሁሉ ይቀራል።

የኮዬዋ_ልጅ · ቅዳሜ ከጠዋቱ 3:20

እንደምን አደራችሁ። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ነው የጨረስኩት። (ለ) እና (ሐ)፦

```
(ለ) x = v₀ₓ t = (17.32 m/s)(3 s) = 51.96 m

(ሐ) vₓ = 17.32 m/s
    vᵧ = 10 − (10)(3) = −20 m/s
    v  = √(17.32² + 20²) = √(300 + 400) = √700 = 26.46 m/s
    tan θ = 20/17.32 = 1.155
    θ  = 49.1°  ከአግድም በታች

ማረጋገጫ፦ v² = v₀² + 2gh = 400 + 2(10)(15) = 700
          v = 26.46 m/s  ✓
```

ማረጋገጫው ከኢነርጂ ነው፣ ማሱ ከሁለቱም በኩል ይሰረዛል። ይሄ በቂ ነው? ማለቴ ለሁሉም ጥያቄ አንድ ማረጋገጫ ይሆናል?

ናቲ_ሰበታ · ከጠዋቱ 3:34

√700 ከሁለቱም መጣ እኮ፣ ምን ትፈልጊያለሽ? ጨርሰሻል።

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከጠዋቱ 4:05

ሥራሽ ንጹሕ ነው። ኔጌቲቩን vᵧ ላይ ትተሽ፣ tan ስትሠሪ ግን መጠኑን ብቻ ወስደሽ አቅጣጫውን «ከአግድም በታች» ብለሽ በቃል መጻፍሽ ጥሩ ነው። 49.1° ብቻ ብትዪ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚለው አይታወቅም፣ ማርክም እዚያ ላይ ይቆረጣል።

ማረጋገጫሽ ግን ከሚመስልሽ ያነሰ ነገር ነው የሚያረጋግጠው፤ ናቲም ይሄን ይስማ። v₀² + 2gh ውስጥ አንግሉ የት አለ? የለም። እንግዲያው አንግሉ ላይ የተፈጠረን ስህተት ሊይዝ አይችልም። ሳይንና ኮሳይንን ብትቀያይሪ፣ ማለትም አግድሙን 10፣ የቁሙን 17.32 ብትዪ ምን ይመጣል?

```
−15 = 17.32t − 5t²
t  = 4.18 s
vᵧ = 17.32 − 41.81 = −24.49 m/s
v  = √(10² + 24.49²) = √700
```

ያው √700! ጊዜው ስህተት ነው፣ ርቀቱ 41.8 m ሆኖ ስህተት ነው፣ አቅጣጫው ስህተት ነው፣ የኢነርጂ ማረጋገጫሽ ግን ራይት ይሰጥሻል። ተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ይሄንን በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ከሥሩ ትልቅ ራይት፣ ከላይ ሳይንና ኮሳይን የተቀያየሩበት ሥራ።

ለ(ሐ) የፍጥነቱ መጠን ኢነርጂው ጥሩ ነው። ለ(ሀ) ማታ ያልኩሽን 1 s ሲደመር 2 s ጻፊ። የሳይንና ኮሳይን መቀያየርን ግን እሱም አይዘውም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ከዚያው v₀ᵧ ነው የሚነሡት። እሱን የሚይዘው ስሌት ሳይሆን ዓይን ነው። 30° ከ45° ያንሳል፣ ውርወራው ወደ አግድም ያደላ ነው፣ ስለዚህ አግድሙ ክፍል ከቁሙ መብለጥ አለበት። 17.32 ከ10 ይበልጣል፣ ደህና። ሥዕል ሥለሽ ቀስቶቹን በልካቸው ብትሥዪ ወዲያው ይታይሻል።

ለ(ለ) ደግሞ መጠኑን ገምቺ። የ105 ሜትር የኳስ ሜዳ ግማሹ 52.5 m ነው። ከአምስት ፎቅ ጣሪያ በኃይል የተወረወረ ድንጋይ ከጎሉ መስመር እስከ መሃል ሜዳ ደረሰ ማለት ነው። ያስኬዳል። 520 ወይም 5.2 ቢመጣብሽ ዴሲማል ፍለጋ ትመለሺ ነበር።

ብሩክ_ዓለም_ገና · ከጠዋቱ 4:12

ዲግሪ ላይ አድርጌ ደግሜ ሠራሁት፣ 51.96 መጣ። ግን R = u² sin2θ/g ብዬ ስሠራው 34.64 ነው። ፎርሙላው መጽሐፉ ላይ አለ እኮ፣ ለምን አይሠራም?

ሲቪል_5ኛ_ዓመት · ከጠዋቱ 4:25

ያ ፎርሙላ የወጣው መነሻና መድረሻ እኩል ከፍታ ላይ ሲሆኑ ነው፣ y = 0 ብለህ። 34.64 ሜትር ድንጋዩ እንደገና የጣሪያው ትክክል ሲደርስ ያለበት ቦታ ነው፣ ማለትም አየር ላይ። 2 ሰከንድ ያለችውም ልጅ እዚያው ነው ያቆመችው። ጥያቄው ውስጥ «ሕንፃ»፣ «ገደል»፣ «ጠረጴዛ» የሚል ቃል ካየህ ያንን ፎርሙላ አትንካው።

ናቲ ማታ ያለውንም ላንሣ፣ በ45 ቢሆን ይበልጥ ይርቅ ነበር ያለውን። ሜዳ ላይ እውነት ነው፤ በዚሁ 20 m/s ሜዳ ላይ በ45° 40 m ይሄዳል፣ በ30° 34.6። ከዚህ ጣሪያ ላይ ግን ሠራሁት፦

```
θ = 45°:  v₀ₓ = v₀ᵧ = 14.14 m/s
−15 = 14.14t − 5t²
t = (14.14 + √(200 + 300))/10 = 3.65 s
x = (14.14)(3.65) = 51.6 m
```

51.6፣ ከ52 ያንሳል! ከከፍታ ላይ ስትወረውር ድንጋዩ ለማንኛውም ለመውደቅ ጊዜ አለው፤ ስለዚህ ከፍ ከማድረግ ይልቅ ወደፊት መግፋት ይከፍላል። በዚህ ጥያቄ ከሁሉም የሚርቀው 37° አካባቢ ነው፣ እሱም 52.9 m ብቻ። ሕንፃው ከፍ ባለ ቁጥር አንግሉ እየወረደ ይሄዳል።

ናቲ_ሰበታ · ከጠዋቱ 4:31

እሺ ይሄንን አላውቅም ነበር። 37 ከየት መጣ?

ሲቪል_5ኛ_ዓመት · ከጠዋቱ 4:38

tan θ = v₀ ሲካፈል መሬት ላይ ላለው ፍጥነት፣ 20/26.46። ማውጫው ረጅም ነው፣ ካልኩለስ ይፈልጋል። ለ11ኛ ክፍል አያስፈልግም፣ 30፣ 37 እና 45ን በየተራ አስገብተህ ብትሞክራቸው ግን ታየዋለህ።

የኮዬዋ_ልጅ · ከጠዋቱ 5:00

የመጨረሻ ጥያቄ፣ መልሱን 51.96 m ልበል 52 m? ቡድን ውስጥ አሁንም እየተጨቃጨቅን ነው። አንዱ ደግሞ 17.3 ብሎ ጀምሮ 51.9 አምጥቷል።

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከጠዋቱ 5:14

51.9 ያለው መሃል ላይ አጠጋግቶ ነው። በስሌቱ መሃል ዲጂት አትቁረጡ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ። የተሰጡት ቁጥሮች 15፣ 20፣ 30 ናቸው፤ ሁለት ዲጂት። በነዚህ 51.96 ማለት ድንጋዩ የት እንዳረፈ በሴንቲ ሜትር አውቃለሁ እንደማለት ነው። እኔ 52 m፣ 26 m/s፣ 49° እላለሁ።

ሲቪል_5ኛ_ዓመት · ከጠዋቱ 5:20

እኔ ግን አራሚው እጅ ላይ ያለው መልስ 51.96 ከሆነ ምን ልታደርግ ነው? ሁለቱንም ጻፊ፣ 51.96 m ≈ 52 m ብለሽ። ማንም ማርክ አይቆርጥም።

ቲቸር_ከለገጣፎ · ከጠዋቱ 5:23

ሁለቱንም መጻፍ ያስኬዳል። አራሚው እኔ ብሆን ግን 52ን ነበር የምመርጠው።

ናቲ_ሰበታ · ከቀኑ 8:10

ጥያቄ 5ን አያችሁት? ያው ሕንፃ፣ ያው 20 m/s፣ ግን በ30° ወደ ታች ነው የተወረወረው። ሠራሁት፦

```
−15 = −10t − 5t²
t² + 2t − 3 = 0
t = 1 s
x  = (17.32)(1) = 17.32 m
vᵧ = −10 − 10 = −20 m/s
v  = √700 = 26.46 m/s፣ 49.1° ከአግድም በታች
```

ፍጥነቱም አቅጣጫውም ከጥያቄ 4 ጋር ቁርጥ አንድ ሆነብኝ። የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን?

የኮዬዋ_ልጅ · ከቀኑ 8:26

አላበላሸህም። የጥያቄ 4 ድንጋይ ተመልሶ በጣሪያው ትክክል ሲያልፍ ልክ እንደዚህ ነው የሚሄደው፣ በ20 m/s፣ 30° ወደ ታች። ስለዚህ ጥያቄ 5 የዚያው መንገድ የመጨረሻዋ 1 ሰከንድ ነው። ማረጋገጫ ከፈለግህ 34.64 + 17.32 ደምር፣ 51.96 ይመጣልሃል።